ትኩሳቱ ሲወርድ፦ የነርሲንግ ሂደት በአንዲት የሳቢያን ታካሚ የክብካቤ ዕቅድ

የደንጊ ትኩሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝ መልክ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ከበሽታው ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀችም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቺኩንጉንያ ተጨመረባት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው ትንኝ ያመጣችው የወባ ወረርሽኝ ተከተለ። ስለዚህ በከተማዋ ሳቢያን ሰፈር በሚገኝ ሆስፒታል ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው ሲያዩ ነርሶች ቢያንስ እነዚህን ሦስት በሽታዎች አብረው ማሰብ አለባቸው። ሦስቱም መጀመሪያ ላይ በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚገለጡ ለዓይን ይመሳሰላሉ።

ከሦስቱ መካከል ደንጊ የነርስን ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ይፈትናል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም። ታካሚውን የሚያተርፈው በልክ የሚሰጥ ፈሳሽና በሰዓቱ የሚደረግ ክትትል ነው፤ ክትትሉ ደግሞ ሌት ተቀን በነርስ እጅ ነው። የነርሲንግ ሂደት የሚባለው ባለ አምስት ደረጃ አሠራር፣ ማለትም መረጃ መሰብሰብ፣ የነርሲንግ ችግር መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም፣ ምን እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሰበር ለማየት ከደንጊ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

አሠራሩ ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዟል። አሜሪካዊቷ ነርስ ሊዲያ ሆል የነርስ ሥራ ሂደት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1955 ተናገረች፤ አይዳ ዣን ኦርላንዶ በ1961 በመጽሐፏ አስፋፋችው፤ ሄለን ዩራና ሜሪ ዋልሽ በ1967 በአራት ደረጃ ከፈሉት። በ1973 የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ችግር መለየትን ራሱን የቻለ ደረጃ አድርጎ በመመዘኛው ውስጥ አስገባው። በአገራችን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለነርሲንግ ክብካቤ የራሱን ምዕራፍ ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የትራንስፎርሜሽን መመሪያም ይህንኑ ቀጠለበት። ዛሬ ተኝቶ በሚታከም ሰው ካርድ ውስጥ የክብካቤ ዕቅድ ቅጽ ይጠበቃል። የሚያጠያይቀው ቅጹ መኖሩ ሳይሆን በውስጡ የተጻፈው ነገር ለታካሚው ሥራ መሥራቱ ነው።

ከዚህ በታች የምንከተላት ታካሚ ለትምህርት ሲባል የተቀረጸች ናት። ቁጥሮቿ የተመረጡት በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ደንጊ የሚሄድበትን የተለመደ መንገድ እንዲያሳዩ ነው፤ የፈሳሹ ልክና የአደጋ ምልክቶቹ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን የደንጊ መመሪያ የተከተሉ ናቸው። ዕድሜዋ 26፣ ክብደቷ 50 ኪሎ ነው፤ ቀፊራ ገበያ አትክልት ትሸጣለች። ትኩሳት በጀመራት በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እናቷ ደግፈው አመጧት።

መረጃ መሰብሰብ

የመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ዓይነት መረጃ ይይዛል፦ ታካሚዋ የምትናገረውንና ነርሷ በዓይኗ፣ በእጇና በመሣሪያ የምታገኘውን። ታካሚዋ ራሷንና ከዓይኗ ጀርባ እንደሚያማት፣ ካለፈው ማታ ጀምሮ አራት ጊዜ እንዳስመለሳት፣ ሆዷን እንደሚቆርጣት፣ ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ እንደደማ ተናገረች። ሙቀቷ 38.9፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 104፣ የደም ግፊቷ 110 በ70፣ አተነፋፈሷ 20 ነው። የጣቷ ጥፍር ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ከሁለት ሴኮንድ በፊት ተመለሰ። የወባ ምርመራው ነጻ ነው፤ የደንጊው ፈጣን ምርመራ ግን በሽታውን አሳየ። ሄማቶክሪቷ፣ ማለትም ከደሟ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ፣ 40 በመቶ ሲሆን ፕላትሌቷ 88,000 ነው።

እስከዚህ ያለው በማንኛውም ካርድ ላይ ይገኛል። ዕቅዱን የሚወስኑት ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ጥያቄዎች ናቸው። ነርሷ «እህቴ፣ ከመምጣትሽ በፊት ምን ዓይነት ኪኒን ወሰድሽ?» ስትላት ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝታ ለሁለት ቀን መዋጧን ተናገረች። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ፕላትሌት ደም ለማርጋት የሚሠራውን ሥራም ያዳክማሉ። ፕላትሌቱ ራሱ እየቀነሰ ባለ ሰው ላይ ይህ ድርብ አደጋ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሽንት ነው፦ ከማታ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጥቂትና ደማቅ ቢጫ። ሦስተኛው የወር አበባ ነው፤ ሰሞኑን ከመጣ መብዛቱ እንደ መድማት ይቆጠራል፣ ከቀረ ደግሞ እርግዝና መመርመር አለበት። የእርሷ ከሁለት ሳምንት በፊት በደንቡ መጥቶ ሄዷል። ቤቷ ውኃ የሚጠራቀምበት በርሜል ክዳን እንደሌለውም ተናገረች።

ክብደትም እንዲሁ ነው። ታካሚዋ ደክማለች ተብሎ ሚዛን ላይ ሳትወጣ ብትቀር ከዚህ በኋላ የሚሰላው ፈሳሽም ሆነ የሽንት ልክ በግምት ይሆናል። በስንፍና የተሰበሰበ መረጃ የሚታወቀው በዚህ ነው፦ ካርዱ ስለ በሽታው ብዙ ይናገራል፣ ስለ ታካሚዋ ግን ለማቀድ የሚያስችል ነገር አይዝም።

የነርሲንግ ችግርን መለየት

ሐኪሙ «የደንጊ ትኩሳት ከማስጠንቀቂያ ምልክቶች ጋር» ብሎ ይጽፋል። የሆድ ቁርጠቱ፣ ተደጋጋሚው ማስመለስና የድዱ መድማት ወደዚህ ክፍል አስገብተዋታል። ነርሷ ይህንኑ ገልብጣ ብትጽፍ ሁለተኛው ደረጃ ባዶ ይቀራል። የነርሷ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በሽታው በዚህች ሴት አካልና ኑሮ ላይ ካስከተለው ነገር ውስጥ እኔ በክብካቤዬ ልለውጠው ወይም ልጠብቀው የምችለው የቱን ነው?

አጻጻፉም ሥርዓት አለው። ችግሩ ደርሶ ከሆነ ሦስት ነገሮች ይያያዛሉ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና ማስረጃው። ችግሩ ገና ካልደረሰ ማስረጃ ሊኖረው ስለማይችል አጋላጭ ሁኔታዎቹ ብቻ ይጻፋሉ። በዚህ መሠረት የታካሚዋ ችግሮች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦

1. የሰውነት ፈሳሽ እጥረት፣ ከተደጋጋሚ ማስመለስና ከመጠጥ መቀነስ የተነሳ፤ ማስረጃው የሽንት ማነስና መጥቆር፣ የልብ ምት 104።
2. ለከባድ መድማት መጋለጥ፣ ከፕላትሌት ማነስና ከዲክሎፌናክ ጋር በተያያዘ።
3. የሰውነት ሙቀት መጨመር፣ ከቫይረሱ የተነሳ፤ ማስረጃው 38.9 ዲግሪ።
4. ስለ ማስታገሻ መድኃኒትና ስለ ውኃ አያያዝ የእውቀት ክፍተት፤ ማስረጃው ያለ ምክር የተወሰደው ዲክሎፌናክና ክዳን የሌለው የቤት በርሜል።

ቅደም ተከተሉ ራሱ ውሳኔ ነው። ታካሚዋንም እናቷንም ያስጨነቃቸው ትኩሳቱ ነው፤ ዝርዝሩ በእነርሱ ቢወጣ ሦስተኛው ቁጥር አንደኛ ይሆን ነበር። በደንጊ ሰው የሚሞተው ግን በትኩሳት ሳይሆን በደም ዝውውር መድከም ስለሆነ ፈሳሹ ይቀድማል። በዚህ በሽታ የደም ሥሮች ግድግዳ ይላላና ፈሳሹ ወደ ሆድና ወደ ደረት ይሾልካል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በተለይ ትኩሳቱ በሚወርድበት ሰዓት ይጀምርና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ታካሚዋ አራተኛ ቀኗ ላይ ናት፤ ስለዚህ የአልጋው ክፍል ነርሶች በሙሉ ነገና ከነገ ወዲያ ምን ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ አለባቸው።

ማቀድ

ዕቅድ ግብና ተግባር አለው። አብዛኛው የክብካቤ ዕቅድ የሚሰበረው ግቡ ላይ ነው። «የታካሚዋ የፈሳሽ መጠን ይስተካከላል» የሚል ግብ መልካም ምኞት ቢሆንም ማታ ላይ ተሳካ ወይስ አልተሳካም ተብሎ ሊጠየቅ አይችልም። ግብ ልክና ሰዓት ያስፈልገዋል።

ለአንድ አዋቂ ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛው የሽንት መጠን በኪሎ በሰዓት 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ለ50 ኪሎ በሰዓት 25፣ በስድስት ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግብ እንዲህ ይጻፋል፦ «እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ታካሚዋ ቢያንስ 150 ሚሊ ሊትር ሽንት ትሸናለች፤ የልብ ምቷ ከ100 በታች ይሆናል፤ ማስመለሱ ይቆማል፤ በላይኛውና በታችኛው የደም ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ከ30 አያንስም።» የሁለተኛው ችግር ግብ ከድዱ የበለጠ መድማት አለመታየቱ ነው። የሦስተኛው ሙቀቱ ከ38.5 በታች መውረዱ ነው። የአራተኛው ደግሞ ከመውጣቷ በፊት መውሰድ የሌለባትን መድኃኒትና ወደ ሆስፒታል የሚመልሷትን ምልክቶች በራሷ አንደበት መናገሯ ነው።

ተግባራቱ ከግቡ ይመነጫሉ። ሐኪሙ ኖርማል ሳላይን በኪሎ በሰዓት 5 ሚሊ ሊትር ለሁለት ሰዓት፣ ከዚያ 3 ሚሊ ሊትር ለአራት ሰዓት አዟል፤ በሰዓት 250፣ ቀጥሎም 150 ሚሊ ሊትር ነው። ፓምፕ በሌለበት ክፍል ይህ ወደ ጠብታ መለወጥ አለበት። በቱቦው ማሸጊያ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው የሚል ከሆነ 250 በ20 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል በደቂቃ 83 ጠብታ ይሆናል፤ በ15 ሴኮንድ 21 ያህል ማለት ነው። 150ው ደግሞ በደቂቃ 50 ጠብታ ነው። ይህ ስሌት ዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ «ግሉኮስ ተሰቅሎላታል» ከሚል ወሬ በቀር ምን ያህል እንደገባላት የሚያውቅ አይኖርም።

ቀሪዎቹ ተግባራት ከነምክንያታቸው ተጻፉ። ሙቀት፣ ልብ ምት፣ የደም ግፊትና የጥፍር ቀለም በየሰዓቱ ይታያሉ። የገባና የወጣ ፈሳሽ በልኬት ዕቃ ይመዘገባል። ዲክሎፌናክ ይቆማል፤ ለትኩሳት ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም በየስድስት ሰዓቱ ቢበዛ አራት ጊዜ ይሰጣል። ጡንቻ ውስጥ መርፌ አይወጋም፣ ምክንያቱም ፕላትሌት ባነሰ ሰው ላይ ደም ይቋጥራል። አጎበር ቀንም ይዘረጋል፤ ደንጊን የምታስተላልፈው ኤደስ ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነውና ከታካሚዋ ወስዳ ለጎረቤት አልጋ ማሻገር ትችላለች።

መተግበር

አራተኛው ደረጃ የታቀደውን ማድረግና የተደረገውን መጻፍ ነው። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንዲት ነርስ በየሰዓቱ እያንዳንዱን ኩባያና እያንዳንዱን ሽንት ልትከታተል አትችልም። ስለዚህ እናቷ የሥራው አካል ሆኑ። ነርሷ ቁጥር ያለበት ዕቃ ሰጥታ «እማማ፣ ሽንቷን ሳታሳዪኝ እንዳትደፊው፤ የጠጣችውንም በዚህች ኩባያ እየቆጠርሽ ንገሪኝ» አለቻቸው። በአገራችን አስታማሚ ከአልጋው አይለይም፤ ዕቅድ ይህን ጉልበት ካልተጠቀመበት የሽንት መመዝገቢያው ባዶ ሆኖ ያድራል።

እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በደም ሥር 1,100 ሚሊ ሊትር ገባላት፤ ኦ አር ኤስና ውኃ 400 ሚሊ ሊትር ጠጣች። እዚህ ላይ መጻፍ ያለበት የሆነው እንጂ የታቀደው አይደለም። ካኑላው ለግማሽ ሰዓት ተዘግቶ ፈሳሹ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የዘገየው መጠን ከነሰዓቱ መጻፍ ነበረበት፤ ያለበለዚያ ቀጣዩ ተረኛ ያልገባውን ፈሳሽ እንደገባ ይቆጥረዋል።

መገምገም

ቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነርሷ ግቡን ከውጤቱ ጎን አስቀመጠች። ሽንት 190 ሚሊ ሊትር፣ ልብ ምት 92፣ የደም ግፊት 112 በ72፣ ሙቀት 38.1፤ ማስመለሱ ቆሟል። ግቡ ተሳክቷል። ሐኪሙ ፈሳሹን በኪሎ በሰዓት ወደ 2 ሚሊ ሊትር አወረደው፤ በሰዓት 100፣ በደቂቃ 33 ጠብታ። ክትትሉ ግን አልላላም፤ አዲስ የሽንት ግብ ለማታው ተረኛ ተጻፈ፦ በየአራት ሰዓቱ ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር።

በማግሥቱ፣ በአምስተኛው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሙቀቷ 37 ሆነ። እናቷ አመሰገኑ፤ ወደ ቤት መሄድ ይቻል እንደሆነም ጠየቁ። የሦስተኛው ችግር ግብ በእርግጥ ተሳክቷል። ዕቅዱ ላይ ያለው ግብ እርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም «መሻሻል ታይቷል፤ ክብካቤው ይቀጥል» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ቢታለፍ ኖሮ፣ የሚከተለው ሁሉ ይሰወር ነበር።

የመጀመሪያው ግብ ሲታይ ሌላ ታሪክ ወጣ። የመጨረሻዎቹ አራት ሰዓታት ሽንት 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ልብ ምቷ 112 ደርሷል። የደም ግፊቷ 100 በ78 ነው፤ 100 የሚለው ቁጥር ብቻውን አያስደነግጥም፣ ልዩነቱ ግን ከ40 ወደ 22 ጠቧል፤ 20 ሲደርስ ድንጋጤ ወይም ሾክ ይባላል። እጇ ቀዝቅዟል፤ የጥፍሯ ቀለም ለመመለስ ሦስት ሴኮንድ ወሰደበት፤ ትቁነጠነጣለች። ትኩሳት ሲወርድ ልብ ምትም አብሮ መውረድ ሲገባው ወደ ላይ ከሄደ የተሻለው ሕመሙ አይደለም። ሄማቶክሪት በአስቸኳይ ተሠራ፦ ከ40 ወደ 48 ወጥቷል፤ አንድ አምስተኛ ጭማሪ ነው። ፕላትሌቷ ወደ 46,000 ወርዷል። ደሟ የወፈረው ቀይ ሕዋሳት ስለበዙ ሳይሆን ውኃው ከሥሩ ወጥቶ ስለሾለከ ነው።

ግምገማ ወደ መጀመሪያው ደረጃ የሚመልሰው በዚህ ጊዜ ነው። ችግሩ በስሙ ያው የፈሳሽ እጥረት ነው፤ ምክንያቱ ግን ተለውጧል። ትናንት ከማስመለስ የተነሳ ነበር፤ ዛሬ ከደም ሥር መሹለክ የተነሳ ነው። ምክንያቱ ሲለወጥ ዕቅዱም መለወጥ አለበት፤ ኦ አር ኤስ ጨምሪ ማለት አሁን አይበቃም። ነርሷ ሐኪሙን ጠራች፤ ስትጠራውም «ደክማለች» ብቻ ሳትል ልዩነቱን፣ ሽንቱን፣ የጥፍሩን ሴኮንድና ሁለቱን ሄማቶክሪት ከነሰዓታቸው ነገረችው። ፈሳሹ በኪሎ በሰዓት ወደ 7 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ፤ በሰዓት 350፣ በደቂቃ 117 ጠብታ ስለሚሆን በዓይን መቁጠር ያስቸግራል፤ ስለዚህ በየ15 ደቂቃው ከከረጢቱ የወረደው መጠን ይታይ ጀመር፤ 88 ሚሊ ሊትር ያህል መሆን አለበት። ደም ዓይነቷ ተለየ፤ ካልተሻላት ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ ታሰበ። የክትትሉ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ወደ 15 ደቂቃ ጠበበ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ልዩነቱ 34፣ ልብ ምቷ 98፣ የሰዓት ሽንቷ 40 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ ፈሳሹም በየደረጃው ተቀነሰ። በስድስተኛው ቀን ሄማቶክሪቷ 41፣ ልብ ምቷ 84፣ ሽንቷ በሰዓት 70 ነው። ያኔ ዕቅዱ ሁለተኛ ጊዜ ተገለበጠ። የሾለከው ፈሳሽ ወደ ደም ሥር ሲመለስ ከውጭ የሚሰቀለው ካልቆመ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ትናንት ታካሚዋን ያዳነው ፈሳሽ ዛሬ ተነቀለ፤ ነርሷም የምትጠብቀው የሽንት ማነስን ሳይሆን የትንፋሽ መፍጠንንና ሳልን ሆነ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ያለ ትኩሳት 48 ሰዓት ሞላት፤ ያለ ፈሳሽ ሄማቶክሪቷ ጸንቷል፤ ፕላትሌቷ ወደ 78,000 ወጥቷል፤ መብላትም ጀምራለች።

አራተኛው ግብ የተገመገመው ከመውጣቷ በፊት ነው፤ «ገብቶሻል?» ተብሎ ሳይሆን «እስኪ አንቺ ንገሪኝ» ተብሎ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንደማትወስድ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ደም ወይም መጫጫን ካየች ሳትውል ሳታድር እንደምትመለስ ተናገረች። ስለ በርሜሉ ግን «ውኃውን እደፋዋለሁ» ብቻ አለች። ይህ በከፊል የተሳካ ግብ ነው። የኤደስ ትንኝ እንቁላል የሚጣበቀው በዕቃው ግድግዳ ላይ ሲሆን ደርቆም ለወራት ይቆያል፤ ውኃ ሲሞላ ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉ በየሳምንቱ በብሩሽ ተፈግፍጎ መታጠብና መከደን እንዳለበት እንደገና ተነገራት። ደንጊ አራት ዓይነት ቫይረስ ስላለው፣ በሌላኛው ዳግም መያዝ ሊብስ እንደሚችልም አወቀች።

ሰንሰለቱ የት ይበጠሳል?

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በዚህ ጉዳይ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ፦ የነርስ ቁጥር ከታካሚው ጋር አለመመጣጠን፣ የሥልጠና ማነስ፣ የመሣሪያና የቅጽ እጥረት። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ሆኖም ከላይ ያየነው ዕቅድ የሚጠይቀው ሚዛን፣ ሰዓት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ቁጥር ያለበት ዕቃና በተረኛ ርክክብ ላይ በቃል የሚነገር ግብ ነው።

አንድ ተቆጣጣሪ ወይም የነርሲንግ መምህር ካርድ ገልጦ አሠራሩ በሕይወት መኖሩን በሦስት ነገር ሊለይ ይችላል። የነርሲንግ ችግሩ የሐኪሙን ቃል ከደገመ ሁለተኛው ደረጃ አልተሠራም። ግቡ ልክና ሰዓት ከሌለው የግምገማው ዓምድ ምንም ቢጻፍበት ትርጉም የለውም። ከሁሉም በላይ፣ የታካሚው ሁኔታ በሦስት ቀን ውስጥ እየተለወጠ ዕቅዱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ቃል ካልተለወጠበት ማንም አልገመገመም።

በታካሚያችን ካርድ ላይ ፈሳሹ አንዴ ተሰጥቶ፣ አንዴ ቀንሶ፣ አንዴ በርትቶ፣ በመጨረሻ ተነቅሏል፤ ከመጀመሪያው በቀር ሌሎቹ ውሳኔዎች የመጡት ከቀደመው ግብ ጋር ከተነጻጸረ ቁጥር ነው። የነርሲንግ ሂደትን ከቅጽ መሙላት የሚለየው ይህ ንጽጽር ነው። ስለዚህ ጊዜ በጣም በጠበበበት ተረኛነት ላይ አንድ ነገር ብቻ መጠበቅ ካለበት፣ ለአደገኛው ችግር የተጻፈው ባለ ልክና ባለ ሰዓት ግብ ነው፤ እርሱ ካለ ቀጣዩ ተረኛ የሚጠይቀውን ያውቃል።